በወር 600 ብለው 1,419 ሲልኩባችሁ፦ የመጀመሪያውን ኢንቮይስ መስመር በመስመር ማንበብ

ባለፈው አንዲት ጓደኛዬ የኢንቮይስ ፎቶ ላከችልኝ። ለቢሮዋ ኢንተርኔት አስገብታ የመጣላት የመጀመሪያው ነው። ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጽፋለች፦ «በወር 600 ብለውኝ 1,419 ላኩብኝ። ተበላሁ አይደል?»

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ድምሩ ልክ ነው። ታክሱም ልክ ነው። ማካፈሉም ማባዛቱም አልተሳሳተም። ግን አንዲት ነገር ልክ አልነበረችም፣ ያለችውም እሷ በጠረጠረችው ቦታ አይደለም። ያን ቀን በስልክ አንድ በአንድ ስናየው ነው ያገኘናት። እዚህም በዚያው ቅደም ተከተል እንሄዳለን፤ የራሳችሁን ኢንቮይስ አጠገባችሁ አድርጉ።

የእሷ ይህን ይመስላል። የገንዘቡን ዓይነት ትቼዋለሁ፣ በምንም ይሁን አሠራሩ ያው ነው። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

```
ኢንቮይሱ የወጣበት 01/07     የመክፈያ ቀነ ገደብ 15/07

ከፊል ወር       19/06 - 30/06       240.00
ወርሃዊ ክፍያ     01/07 - 31/07       600.00
ማስጀመሪያ       አንድ ጊዜ              450.00
ንዑስ ድምር                        1,290.00
ታክስ 10%                           129.00
የሚከፈል                          1,419.00
```

የእናንተ በእንግሊዝኛ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ላይ Prorated ወይም Partial month የሚል ታያላችሁ። ማስጀመሪያው Setup fee፣ Activation fee ወይም One-time charge ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ንዑስ ድምሩ Subtotal፣ የመጨረሻው Amount due ነው። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

ካልኩሌተሩን ተዉት፣ መጀመሪያ ቀኖቹን

የሁላችንም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ታች ያለው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ከዚያ ደም ፍላት ይመጣል፣ ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ የደንበኞች አገልግሎቷም «ሲስተሙ ያወጣው ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ይልቅ ከቁጥሩ በፊት ቀኖቹን አንብቡ። የመጀመሪያ ኢንቮይስ ግር የሚለው ሦስት የተለያዩ ጊዜዎች አንድ ወረቀት ላይ ስለሚጨመቁ ነው። አንዱ መስመር ስላለፉት ቀናት ነው። አንዱ ገና ስለሚመጣው ወር ነው። አንዱ ደግሞ ጊዜ የለውም፣ አንዴ ተከፍሎ የሚቀር ነው። እነዚህን ሳትለዩ ድምሩን ከ600 ጋር ብታወዳድሩት መቼም አይገጥምም።

ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ቀን ጻፉ። ውል የፈረማችሁበት ወይም ያዘዛችሁበት ቀን፣ አገልግሎቱ በትክክል መሥራት የጀመረበት ቀን፣ እና ድርጅቱ በየወሩ ሂሳብ የሚያወጣበት ቀን። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የወሩ 1 ነው፣ ግን 5 ወይም 15 የሚያደርጉም አሉ። እነዚህ ሦስት ቀኖች ከኢንቮይሱ አይገኙም፣ ወይም ሁሉም አይገኙም። ከውሉ፣ ባለሙያው መጥቶ ካስፈረማችሁ ወረቀት፣ «አገልግሎትዎ ተከፍቷል» ከሚለው መልእክት ነው የሚወጡት። ይህን ብጣሽ ወረቀት አትጣሉት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

አንዲት ትንሽ ወጥመድ እዚህ ጋ አለች። 01/07 የሚለው ሐምሌን የሚነካው ሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን ነው ወይስ የመጀመሪያው ወር ሰባተኛ ቀን? ቀን ቀድሞ የሚጻፍባቸው ሲስተሞች አሉ፣ ወር ቀድሞ የሚጻፍባቸውም አሉ። እዚያው ኢንቮይስ ላይ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ፈልጉ። 19/06 ላይ 19 ወር ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ይህ ወረቀት ቀን አስቀዳሚ ነው። አለቀ።

ከፊል ወሩ

ድርጅቱ ለሁሉም ደንበኛ በወሩ 1 ሂሳብ ያወጣል እንበል። ጓደኛዬ ግን የጀመረችው በወሩ 1 አይደለም። ከጀመረችበት ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ቁራጭ ብቻውን ይሰላና ከሚቀጥለው ሙሉ ወር ጋር አብሮ ይመጣል። ከፊል ወር የሚባለው ይኸው ነው። ቅጣት አይደለም፣ ተጨማሪ አገልግሎትም አይደለም። የሙሉ ወሩ ዋጋ በቀን ተሸንሽኖ የተጠቀማችሁበት ቀን ብቻ ይታሰባል።

ስሌቱ ይህ ነው።

```
የወሩ ዋጋ ÷ የወሩ ቀናት × የተጠቀማችሁባቸው ቀናት
600 ÷ 30 × 12 = 240
```

ሰው የሚሳሳተው 12 ላይ ነው። 30 ሲቀነስ 19 እኮ 11 ነው! ጓደኛዬም ያለችኝ ይህንኑ ነው፦ «አንድ ቀን ጨምረውብኛል።» አልጨመሩም። 19 ራሱም፣ 30 ራሱም ይቆጠራሉ። በጣት ቁጠሩት፦ 19፣ 20፣ 21 እያላችሁ 30 ስትደርሱ አሥራ ሁለት ጣት ይሆናል። ቀንሳችሁ አንድ መጨመር ነው ዘዴው። መስመሩ ከሰዓት በኋላ ቢከፈትም ብዙዎቹ ያን ቀን እንደ ሙሉ ቀን ነው የሚያስቡት፣ ይህ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በስንት ተካፈለ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ድርጅት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በወሩ ትክክለኛ ቀናት ያካፍላል፣ ማለትም በ30፣ በ31 ወይም በ28። አንዳንዱ ወሩ ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ በ30 ያካፍላል። ሌላው ደግሞ የዓመቱን ዋጋ በ365 ያካፍላል። ጓደኛዬ የጀመረችበት ወር 30 ቀን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ የትኛውን እንደተጠቀሙ ማወቅም አያስፈልጋትም ነበር። ወሩ 31 ቀን ቢሆንና በ19 ብትጀምር ግን 13 ቀን ይሆናል። ያኔ በ31 ሲካፈል 251.61፣ በ30 ሲካፈል 260፣ በዓመቱ ሲሄድ 256.44 ይወጣል። ሦስቱም ስህተት አይደሉም። ልክ የሚሆነው ውላችሁ ላይ የተጻፈው ነው፣ ውሉ ዝም ካለ ደግሞ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።

የእናንተ በየትኛው እንደተሰላ ለማወቅ ወደ ኋላ ሂዱ። የመስመሩን ቁጥር በቀኖቹ ብዛት አካፍሉ፣ የቀን ዋጋው ይወጣል። እዚህ 240 ለ12 ሲካፈል 20 ነው። ከዚያ የወሩን ዋጋ በዚህ የቀን ዋጋ አካፍሉት። 600 ለ20 ሲካፈል 30 ይመጣል። መልሱ 28 ወይም 30 ወይም 31 ወይም 30.4 አካባቢ ከሆነ ዘዴያቸውን አገኛችሁት (365 በ12 ወር ሲካፈል 30.42 ነው)። 27 ተኩል ወይም 34 የሚል ነገር ከመጣ የቀኑ ቆጠራ ወይም የወሩ ዋጋ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። አንዳንድ የሶፍትዌር አገልግሎቶች ደግሞ እስከ ሰከንድ ድረስ ቆጥረው ያስከፍላሉ። የእነሱ ቁጥር በቀን አይገጥምም። እዚያ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ቀን ዋጋ ካልበለጠ ራሳችሁን አታድክሙ።

በስልክ እዚህ ስንደርስ «እሺ፣ ትክክል ነው ማለት ነው» ብላ ልትዘጋው ነበር። ሂሳቡማ ትክክል ነው። እኔ ግን ያ ብጣሽ ወረቀት ትዝ አለኝ። «ባለሙያው መቼ ነው መጥቶ የገጠመልሽ?» አልኳት። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ያስፈረማትን ቅጽ አገኘችው። ቀኑ 22/06 ነው።

19 ታዲያ ምንድን ነው? ውሉን የፈረመችበት ቀን ነው። በመካከል ሦስት ቀን ሞደሙ ካርቶን ውስጥ ነበር፣ መስመሩም አልተከፈተም። ሲስተሙ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን ያስገባው ሰው ያዘዘችበትን ቀን ገልብጦ አስገብቶታል፣ ሲስተሙም ከዚያ ተነስቶ በትክክል አባዛ። ለዚህ ነው ሂሳቡን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህን ስህተት በፍጹም የማያገኘው። ከፊል ወር ላይ የማገኘው አብዛኛው ስህተት ማባዛት ላይ ሳይሆን መነሻ ቀኑ ላይ ነው።

ግን ወዲያው አትዝመቱ። ክፍያው ከመቼ እንደሚጀምር ውሉ ምን ይላል? ከፊርማ ቀን ጀምሮ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ዕቃው እጃችሁ ከገባበት ቀን የሚሉም አሉ። የእሷ «አገልግሎቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ» ይላል። ስለዚህ ከ22 እስከ 30፣ ዘጠኝ ቀን፣ 180 ነው መሆን የነበረበት። 60 ትርፍ ተጭኗል። ይህን 60 ያዙልኝ፣ ታክሱ ጋ ስንደርስ ያድጋል።

ሙሉ ወሩ ለምን አሁን?

ሁለተኛው መስመር ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚናደደው እሱ ላይ ነው። ኢንቮይሱ የወጣው በወሩ 1 ነው፣ የሚያስከፍለው ደግሞ ገና ለሚመጣው ወር። ወርሃዊ አገልግሎቶች ብዙዎቹ በቅድሚያ ነው የሚያስከፍሉት። ከፊል ወሩ ግን ሲጀመር ስላልተከፈለ ወደ ኋላ ይከፈላል። ስለዚህ አንዱ መስመር ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ያያል። ይህ የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው፣ ከሚቀጥለው ጀምሮ አንድ ወር አንድ ክፍያ ነው።

ማየት ያለባችሁ የሁለቱ መስመሮች ቀን እንዳይደራረብ ነው። ከፊሉ በ30/06 ካለቀ ሙሉው በ01/07 መጀመር አለበት። ሙሉውም 30/06 ብሎ ከጀመረ ያን አንድ ቀን ሁለቴ ልትከፍሉ ነው፣ ወይም አጻጻፉ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የወሩን ዋጋ በወሩ ቀናት አካፍላችሁ የቀን ዋጋውን አውጡ፣ የከፊሉን ቁጥር ደግሞ በእሱ አካፍሉት፣ ስንት ቀን እንደታሰበ ይነግራችኋል።

«የመጀመሪያው ወር ነፃ» ተብላችሁ ከገባችሁ ደግሞ እዚህ ቆም በሉ። አንዳንድ ሲስተም ነፃውን ወር የሚሰጠው ለመጀመሪያው የክፍያ መስመር ነው፣ የመጀመሪያው የክፍያ መስመር ደግሞ ያ ቁራጭ ነው። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ከገባችሁ አንድ ወር ነፃ የተባለው አምስት ቀን ሆኖ ያርፋል። ማስታወቂያው «30 ቀን ነፃ» ካለ ክርክራችሁ ጠንካራ ነው። «የመጀመሪያው የሂሳብ ወር» ካለ ደግሞ ቀድመው አስበውበታል።

ማስጀመሪያው

450 በቀን አይሸነሸንም። በወሩ 2 ጀመራችሁ በ29 ያው ነው። መስመሩን ለመዘርጋት፣ አካውንቱን ለመክፈት፣ ዕቃውን ለመግጠም የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ስለዚህ ማስላት አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ከውሉ ጋር ማመሳከር ነው። ቁጥሩ ውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ብዛቱ 1 ነው ወይስ ሳይታወቅ 2 ሆኗል? ስትመዘገቡ ከፍላችሁት ከሆነ ታች ላይ ተቀናሽ ሆኖ ታይቷል?

ጓደኛዬ «ስለዚህ ማንም አልነገረኝም» አለችኝ። ውሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር፣ ፊርማዋም ከሥሩ። ዝም አልን።

«ማስጀመሪያ በነፃ» ከተባላችሁና መስመሩን ካያችሁት ወዲያው አትደንግጡ። ብዙ ሲስተም ነፃ የተደረገውን ነገር አያጠፋውም፣ 450 ብሎ ይጽፈውና ከሥሩ በመቀነስ ምልክት 450 ቅናሽ ያደርጋል። ሁለቱ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። የመቀነሱ መስመር ከሌለ ግን ቅናሹ አልተመዘገበላችሁም።

ከማስጀመሪያው ጋር መምታታት የሌለበት ማስያዣ ነው፣ Deposit የሚለው። ማስያዣ ስትወጡ የሚመለስላችሁ የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ማስጀመሪያ ግን ሄዶ የቀረ ነው። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ተደባልቀው «የመነሻ ክፍያ» ተብለው ከመጡ እንዲለዩላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ካልተለየ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ የሚመለስ እንደነበር ማንም አያስታውሰውም። ማስጀመሪያውን በሦስት ወር ከፋፍለው የሚያስከፍሉም አሉ፣ ያኔ መስመሩ ላይ 1/3 የሚል ምልክት ይኖራል፣ በሚቀጥለውም ወር ይመጣል ማለት ነው።

ታክሱ

እዚህ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ 129 የተሰላው ከየትኛው ቁጥር ላይ ነው? ታክሱን በንዑስ ድምሩ አካፍሉ። 129 ለ1,290 ሲካፈል 0.10፣ ማለትም 10 በመቶ። ስለዚህ በሦስቱም መስመር ላይ ነው የተሰላው። 10 እዚህ ለምሳሌ ነው፣ የእናንተ መጠን ኢንቮይሱ ላይ ከጎኑ መጻፍ አለበት።

ስታካፍሉ የተጻፈው በመቶኛ ካልመጣ አንዱ መስመር ታክስ አልተጣለበትም ማለት ነው። ታክሱ 84 ቢሆን ኖሮ ለምሳሌ 84 የ840 አሥር በመቶ ነው፣ 840 ደግሞ 240 እና 600 ነው። ማስጀመሪያው ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል፣ የሚታክሰውና የማይታክሰው በየአገሩ ሕግ ነው። ማስጀመሪያ የአገልግሎቱ ዋጋ አካል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይታክሳል፣ የሚመለስ ማስያዣ ግን ብዙ ጊዜ አይታክስም። ቅናሽ ካለ ደግሞ ታክሱ የሚሰላው ከቅናሹ በኋላ ባለው ቁጥር ላይ መሆኑን እዩ። ቅናሹ ከታክሱ በታች ተቀንሶ ካገኛችሁት ላልከፈላችሁት ገንዘብ ታክስ እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሚያሳስተው ታክስን ያካተተ ዋጋ ነው። አንዳንዱ ድርጅት «በወር 660» ብሎ ታክሱን ውስጡ ይከተዋል፣ የጓደኛዬ ድርጅት 600 ብሎ ታክሱን ከላይ ይጨምራል። 660 ውስጥ ያለው ታክስ ስንት ነው ሲባል ብዙ ሰው 66 ይላል። አይደለም፣ 60 ነው። አሥር በመቶው የ600 እንጂ የ660 አይደለም። ለማውጣት 660ን በ110 አካፍላችሁ በ10 አባዙት። የሳንቲም ልዩነት ካገኛችሁ ግን እለፉት። አንዱ ሲስተም ታክሱን በየመስመሩ አስልቶ ያጠጋጋል፣ ሌላው በድምሩ ላይ አንዴ ያሰላል፣ በዚህ መካከል አንድ ሁለት ሳንቲም መዛነፉ ያለ ነው።

አሁን ወደዚያ 60 እንመለስ። ሦስቱ ትርፍ ቀናት ሲወጡ አብሯቸው የተጣለው ታክስም ይወጣል። 60 ላይ 6፣ በአጠቃላይ 66። አዲሱ ስሌት 180፣ 600 እና 450 ሲደመር 1,230፣ ታክሱ 123፣ የሚከፈለው 1,353። ከ1,419 ሲቀነስ 66። ገጠመ። ማስተካከያ ስትጠይቁ ታክሱን የሚረሱት ብዙ ጊዜ እናንተም እነሱም ናችሁ፣ 60 መልሰውላችሁ 6ቷ እዚያው ትቀራለች።

በድርጅት ስም የምትከፍሉ ከሆነና ታክሱን ኋላ የምታወራርዱ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእነሱ የግብር ከፋይ ቁጥር አለ? የእናንተ ስምና ቁጥር ፊደል ሳይዛነፍ ተጽፏል? ከመክፈላችሁ በፊት ማስተካከል ቀላል ነው፣ ከከፈላችሁ በኋላ ግን መመላለስ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ታች ላይ «ጠቅላላ» እና «የሚከፈል» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ካሉ የምትከፍሉት ሁለተኛውን ነው። በመካከላቸው ቀድማችሁ የከፈላችሁት ይቀነሳል። አንድ ብቻ ከሆነና ስትመዘገቡ የሆነ ገንዘብ ከፍላችሁ ከነበረ ያ ገንዘብ አልተያዘላችሁም። ደረሰኙን ፈልጉ። ኢንቮይስ ክፈል የሚል ወረቀት ነው፣ ደረሰኝ ከፍለሃል የሚል፣ በሁለተኛው ነው የምትከራከሩት።

ስህተት ካገኛችሁ በራሳችሁ ቀንሳችሁ አትክፈሉ። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ፣ የእኔ ስሌት ልክ ሆኖ ሳለ፣ ሲስተሙ ልዩነቱን ያልተከፈለ ዕዳ ብሎ መዝግቦት በወሩ መጨረሻ የመዘግየት ቅጣት መጣብኝ። ሰውየው ትክክል ነህ ቢለኝም ቅጣቱን ለማስነሳት ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ። መልሱ ከዘገየ የማያከራክረውን ክፍል መክፈል እንደሚቻል እነሱ ራሳቸው በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ የጻፈችው ኢሜይል ግማሽ ገጽ ነበር። ስለ አገልግሎታቸው፣ ስለ ማስታወቂያቸው፣ ስልክ ስለማያነሱበት ሁሉ ጽፋለች። ያንን አጠፋንና ይህን ላከች፦

«የኢንቮይሱ ከፊል ወር መስመር ከ19/06 ጀምሮ ታስቧል። አገልግሎቱ የተከፈተው በ22/06 ነው፣ ባለሙያችሁ ያስፈረመኝን ቅጽ አያይዣለሁ። በውሉ መሠረት ክፍያ የሚጀምረው አገልግሎቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን ስለሆነ መስመሩ 9 ቀን፣ 180 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ ከታክስ ጋር 66 ነው። እባካችሁ አስተካክላችሁ የሚከፈለውን ከ15/07 በፊት አሳውቁኝ።»

ቀን፣ ማስረጃ፣ የውሉ ቃል፣ ቁጥር፣ የምትፈልጉት። ሂሳብ ክፍል ያለ ሰው ይህን ሲያገኝ ምንም ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው፣ ቅጹን ከፍቶ ቀኑን ያያል፣ አለቀ። ስልክ ላይ ቢሆን ግን ወደ ሂሳብ ክፍል እስኪደርስ ሦስት ሰው ያልፋል፣ ሦስቱም በየራሳቸው ቃል ነው የሚያስተላልፉት።

በሁለተኛው ቀን መለሱላት። የድሮውን ኢንቮይስ አልሰረዙትም፣ የ66 የሂሳብ ማስተካከያ ላኩ፣ Credit note የሚባለውን። ይህም ትክክለኛው አሠራር ነው፣ የወጣ ኢንቮይስ ዝም ብሎ አይቀየርም። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም። ማስተካከያው ላይ 60 እና 6 ተለይተው መጻፋቸውንም እዩ። እሷ ገና አልከፈለችም ነበርና 1,353 ከፈለች። ከፍላ ቢሆን ኖሮ 66ቱ ወደሚቀጥለው ወር ይዞርና 660 የነበረው 594 ሆኖ ይመጣ ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ

የመጀመሪያው ኢንቮይስ ተነቦ የሚያልቀው ሁለተኛው ሲመጣ ነው። አሁን አንድ ወር፣ አንድ መስመር፣ አንድ ታክስ ብቻ መሆን አለበት። ከፊል ወር ዳግመኛ ካያችሁ ወይ አገልግሎታችሁ በመካከል ተቀይሯል ወይ የተሳሳተ ነገር አለ። ማስጀመሪያ ዳግመኛ ካያችሁና 2/3 የሚል ምልክት ከሌለው፣ አንድ ጊዜ የተባለው በየወሩ እንዲመጣ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ እንዳሰባችሁት ብርቅ አይደለም፣ አንዲት ሳጥን ላይ የተደረገች ምልክት ናት። በራስ ሰር ከባንክ የሚቆረጥባችሁ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳያየው ስድስት ወር ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ኢንቮይስ የሚወጣበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ።

ጓደኛዬ በወሩ 1 ጠዋት መልእክት ላከችልኝ። በዚህኛው ፎቶ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፦ «660»።